ይዘጋል

በሆስፒታሉ የኮምፒውተር ክፍል አለቃችንን በሌለበት የምንጠራው «ለስላሳው» ብለን ነው። እጁ የገባ ቃል ሁሉ ጥርሱ ይወልቃል። ለሆስፒታሉ ሠራተኞች የጻፍኩት ማስጠንቀቂያ «ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት የሕክምና መረጃ ሲስተሙ ይዘጋል» ይል ነበር። እሱ ጋ ደርሶ ሲመለስ «ሊዘገይ ይችላል» ሆኖ አገኘሁት።

«ዳይሬክተሩ ‹ይዘጋል› የሚለውን ቃል አይወዱም» አለኝ።

«ቢወዱም ባይወዱም ይዘጋል። መረጃውን ወደ አዲሱ ሰርቨር የምናዛውረው እኮ እኛው ነን።»

«ሰው አታስደንግጪ።»

ደሜ ፈላ። ባለፈው ጊዜም «ሊዘገይ ይችላል» ብለን ነበር። ተረኛዋ ነርስ ሲስተሙ እንቢ ሲላት፣ ለአንድ ሽማግሌ የሰጠችውን ኢንሱሊን ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፋ ወጣች። የተተካችው ነርስ፣ ሁላችን እትዬ የምንላት፣ ስክሪኑን አየች፤ ከመዘጋቱ በፊት የተከፈተው ገጽ እንደነበረ ተቀምጧል፣ «አልተሰጠም» ይላል። ሲስተሙ ዘግይቷል እንጂ ተዘግቷል ያላት የለም። ደግማ ወጋችው። ሽማግሌው ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሳተ፣ በግሉኮስ ነፍሱ ተመለሰች። የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ የተሰጣት እሷ ናት። አንድ ስህተት ብትደግም ትባረራለች። ያንን መልእክት የጻፈው ቢሮ ግን ሻዩን እየጠጣ ዋለ።

ስለዚህ የራሴን ላክሁ፤ ለሁሉም፣ በስልክ መልእክት። «ይዘጋል። ከስምንት ሰዓት በፊት የእያንዳንዱን ታካሚ የመድኃኒት ቅጽ አትማችሁ አልጋው ላይ ስቀሉ። የሰጣችሁትን እዚያው ጻፉ፣ ፈርሙ። የላብራቶሪ ውጤት በስልክ ተቀበሉ፣ የሰማችሁትን መልሳችሁ አንብቡላቸው። ክፍት የቀረ ስክሪን አትመኑ። ተከፍቷል ብለን እስክንነግራችሁ በወረቀቱ ቀጥሉ።»

ለስላሳው ብዙም ሳይቆይ የራሱን ላከ፦ «የቀደመውን መልእክት ችላ በሉ። ሲስተሙ ሊዘገይ ይችላል።»

ተነሥቼ በየዋርዱ ዞርኩ። እትዬ ሁለቱንም መልእክቶች ከፍታ ጠበቀችኝ።

«የቱን ልመን የኔ ልጅ? እኔ እንደሆንኩ አንገቴ ገመድ ውስጥ ነው።»

«የኔን። ስክሪኑን አጥፊው።»

«ከሱ ጋር ብትጣዪስ?»

«ተጣልተናል እትዬ፣ አለቀ።»

ሳቀች። እየሳቀችም ማተሚያው ላይ ወረቀት ጨመረች።

ቅዳሜ ሲስተሙ በሰዓቱ ተዘጋ። ዋርዶቹ በወረቀት ሠሩ፣ የኛ ቢሮ ስልክም ጸጥ አለ። ችግሩ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ዝውውሩ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነበር። አሥራ አንድ ሲሞላ ደግሞ፣ ማስጠንቀቂያው እስከዚያ ስለሚል፣ ሰው ሁሉ ወደ ስክሪኑ እንደሚመለስ አውቃለሁ። የማታ ኢንሱሊን የሚሰጠውም በዚያው ሰዓት ነው።

«እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ተራዝሟል» ብዬ መጻፍ ስጀምር ለስላሳው ከኋላዬ ቆመ።

«ተይው። አሁን ያልቃል።»

«አያልቅም። እያየኸው እኮ ነው።»

«ይሄንን ከላክሽ ሰኞ እንዳትመጪ።»

ለስለስ ብሎ ሳይሆን እንዲህ ጥርት አድርጎ ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የቤት ኪራይ አለብኝ፣ እናቴን የምጦረው እኔ ነኝ። ግን እትዬ ታየችኝ፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ያንን የሞተ ስክሪን ልታበራ ስትል።

ላክሁት።

መልሶቹ ተከታትለው ገቡ። «ደርሶናል።» «በወረቀት ቀጥለናል።» የእትዬ ከሁሉም ይረዝማል፦ «ስክሪኑን ላበራ እጄን ሰድጄ ነበር። ተራዋን ጨርሳ የወጣችው ነርስ ለአልጋ አራት ኢንሱሊኑን ቀደም ብላ ሰጥታለች፤ ወረቀቱ ላይ ፊርማዋ አለ። ተመስገን። ልጄ፣ ዛሬ ከነሥራዬ ቤቴ እገባለሁ።»

ስልኩን ለስላሳው አፍንጫ ሥር ያዝኩለት። አነበበ። «እሺ፣ ሰኞ በጽሑፍ ይቅርታ ትጠይቂና እንረሳዋለን» አለ።

«የምን ይቅርታ?»

«የመልእክቱን።»

ሲስተሙ እስኪከፈት ቆየሁ። ዋርዶቹ ወረቀት ላይ የጻፉትን እንዲያስገቡ ነገርኳቸው፤ መግባቱንም አንድ በአንድ አጣራሁ። ከዚያ መታወቂያዬን ከአንገቴ አውልቄ ጠረጴዛው ላይ ጣልኩና የመጨረሻውን መልእክት ለሆስፒታሉ ሠራተኛ ሁሉ ላክሁ፦

«ከሰኞ ጀምሮ የሲስተም ድጋፍ የምሰጠው እኔ አልኖርም። አልዘገይም፤ አልኖርም። ምትክ እስኪገኝ፣ ሲስተሙ ሲዘጋባችሁ በቀንም በሌሊትም ለኃላፊው በግል ስልካቸው ደውሉ። ቁጥሩ ከታች አለ።»

በሩ ጋ ሳልደርስ የለስላሳው ስልክ ጠራ።