የቤት ስም

ፈትሂያ ጨርቅ ቤቷ ውስጥ ለደንበኛ ሻርፕ ዘርግታ ዋጋ እየተከራከረች ሳለ ስልኳ ጮኸ። የደወለው አያ መለሰ ነው፤ ልጇ ጦይባ የምትማርበት ትምህርት ቤት ዘበኛ።

«ወይዘሮ ፈትሂያ፣ ልጅቱን ልውሰድ የሚል ሰው መጥቶ ነበር። አባቷ ልኮኝ ነው አለ።»

«ኡዘይርማ መተማ ነው!»

«መተማ መሆኑንም ያውቃል። የቤት ስሟንም ጠራልኝ፤ ድንቡሼ አለ።»

ሻርፑ ከእጇ ወደቀ። ልጅ የሚሰርቁ ሰዎች ወሬ ከተማውን ካስጨነቀ ወዲህ ትምህርት ቤቱ አንድ ደንብ አውጥቷል፦ ዘበኛው በመልክ የማያውቀው ሰው ልጅ ሊወስድ ከመጣ፣ ወላጅ ያስመዘገበውን የቤት ስም መናገር አለበት። ድንቡሼ ብላ የምትጠራት ደግሞ ፈትሂያ ብቻ ናት።

ወደ ትምህርት ቤቱ በሚወስዳት ባጃጅ ውስጥ ሆና ፌስቡኳን ከፈተች። ዓርብ ዕለት ከጦይባ የሽልማት ፎቶ በላይ «ከሁለተኛ ለ ክፍል አንደኛ!» ብላለች፤ የትምህርት ቤቱ ስም ዩኒፎርሙ ላይ ይነበባል። እሑድ ደግሞ፦ «የኔ ድንቡሼ ስምንት ዓመት ሞላት! አባቷ መተማ ስለሆነ እኔው ለሽርሽር ቁስቋም ይዣት ወጣሁ።» ሁለት መቶ ሰው ወዶላታል፤ እሷም በቁጥሩ ስትኩራራ ነው የሰነበተችው። አቤት ጅልነት! ቁልፉን ለሌባ ሰጥቶ በሩን ማሳየት ይሏል ይኼ ነው።

ጦይባ ከግቢው ውስጥ፣ ከአያ መለሰ አጠገብ ተቀምጣለች። ፈትሂያ አቅፋት አለቀሰች።

«አልሐምዱሊላህ! አያ መለሰ፣ እርስዎ ባይኖሩ...»

«ምነው እኔን? እኔማ በሩን ልከፍት ነበር። ያዳነችው ራሷ ናት።»

ልጅቱ ሰውየውን «አባቴ ምን ብሎ ነው የሚጠራኝ?» ብላ ጠይቃዋለች። «ድንቡሼ» አላት። «ውሸት! እሱ በሌላ ነው የሚጠራኝ!» ብላ ስትጮህ መኪናው ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ርእሰ መምህሩ ፖሊስ ጠርተዋል።

ፈትሂያ እዚያው ቆማ ጽሑፎቹን አጠፋች። ሆኖም ስንቱ አንብቦ፣ ስንቱ በስልኩ አስቀርቶ ይሆን? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

አያ መለሰ ደብተሩን ገለጠ። «ድንቡሼ ተሰርዟል። ሸጋ አዲስ ስም ስጡኝ።»

ፈትሂያ አፏን ስትከፍት ጦይባ በትንሽ መዳፏ ከደነችው።

«እኔ ልንገራቸው፣ እማ። አንቺን በመልክሽ ያውቁሻል።»

«እኔስ ብሰማው ምን አለበት?»

«ትጽፊዋለሽ» አለቻት፤ በአያ መለሰ ጆሮም አንሾካሾከች።

ፈትሂያ ስሙን እንዳትሰማ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች።