ነጭ ላይ የቆመው ማንቆርቆሪያ

ኡመይር የሚሠራው የአሉሚኒየም ማንቆርቆሪያ እንደ መስታወት ፊት ያሳያል። አቃቂ ባለችው ጠባብ ወርክሾፑ የአሉሚኒየሙን ሉህ ቶርኖ ማሽን ላይ እያዞረ ቅርጽ ያስይዘዋል፤ ከዚያ ክንዱ እስኪዝል ይወለውለዋል። በመጨረሻ እጀታው ሥር የስሙን መጀመሪያ ፊደል «ኡ»ን ይመታበታል። ከሶላት በፊት ለሚታጠቡት ውዱእ የሚገዙት ደንበኞቹ ይህቺን ፊደል ፈልገው ነው የሚመጡት።

ሚስቱ ሰዓደት ደግሞ ቱሉ ዲምቱ በሚገኘው የኮንዶሚኒየም ቤታቸው ለነጋዴዎች የዕቃ ፎቶ ታነሳለች። ሳሪስ ሱቅ ያለው የኡመይር የአጎቱ ልጅ ሸኪብ፣ ማንቆርቆሪያውን በራሱ አካውንት የኦንላይን ገበያ ላይ እንዲያወጣላቸው ሲስማማ፣ ፎቶው የእሷ ሥራ ሆነ።

የመጀመሪያውን ፎቶ ገበያው፣ ጀርባው ንጹሕ ነጭ ካልሆነ ብሎ አልተቀበለውም። ጀርባው ለዓይን ነጭ ቢመስልም ግራጫ ነበር። የመስኮቱ ብርሃን ከዕቃው ኋላ ጠቆር ያለ ጥላ ጥሏል። የማንቆርቆሪያው ሆድ ላይ ደግሞ ሰዓደት ከነካሜራዋ፣ መጋረጃውና ያልተነጠፈው አልጋ ሳይቀር ይታያሉ።

ሰዓደት እልህ ያዛት። መስኮቱን ሸፈነች። ሰፊ ነጭ ወረቀት ከግድግዳው አንስታ እስከ ጠረጴዛው ጫፍ ሳታጥፍ አጉብጣ ዘረጋችው፤ ግድግዳና ጠረጴዛ የሚገናኙበት መስመር ጠፋ። ዕቃውን ከኋላው ካለው ወረቀት ራቅ አድርጋ አቆመች፤ ለጀርባው ለብቻው መብራት ሰጠችው፤ ግን በልክ፣ ብርሃኑ ሲበዛ የዕቃውን ጠርዝ ይበላልና። ግራና ቀኝ ስስ ነጭ ጨርቅ ወጥራ ሌሎቹን መብራቶች በዚያ በኩል አሳለፈች፤ ጥላው ለሰለሰ። ከፊት ነጭ ካርቶን አቁማ፣ ለሌንሱ ብቻ ቀዳዳ አበጀችለት። የተወለወለ ብረት ከፊቱ ያለውን ነው የሚያሳየው፤ ከነጭ በቀር የሚያሳየው ነገር እንዳይኖር አደረገች።

አሁን ደግሞ ማንቆርቆሪያው ነጩ ውስጥ ሟሟ። ከፎቶው ክልል ውጭ በሁለቱም ጎን ቀጫጭን ጥቁር ካርቶን ስታቆም፣ ጠርዙ በጥቁር እርሳስ እንደተሳለ ጎልቶ ወጣ። ከሥሩ አየር ላይ የተንሳፈፈ እንዳይመስል ስስ ጥላ ብቻ ተወችለት። ኮምፒውተሩ ላይ ጀርባውን በየቦታው ለካችው፤ ሦስቱም የብርሃን ቀለሞች፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ፣ የመጨረሻውን ቁጥር 255 አሉ። ከዚህ በላይ ነጭ የለም።

አንድ ነገር ቀረ። «ኡ» የተመታችበት ቦታ ብርሃኑ ተጠራቅሞ፣ ፎቶው ሲያንስ ጭረት መሰለ። ሰዓደት ፊደሏን ከፎቶው ላይ፣ አቧራ እንደምታጠፋው አጠፋቻት። ኡመይርን አልጠየቀችም።

ባሏ ፎቶውን ሲያይ ብዙ ቆየ። «ያምራል» አለ።

ገበያው ተቀበለው፤ ዕቃውም ተሸጠ። ሸኪብ መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ እያዘዘ ይወስድ ነበር። በኋላ ገበያው ቀዝቅዟል እያለ መጥፋት ጀመረ። ፎቶው ግን ከገጹ አልወረደም፤ ከሥሩ የገዢዎች አስተያየት ይጨምራል። ሰዓደት ነገሩ ስላልጣማት ጎረቤቷን ፀሐይቱን አንድ እንድታዝዝላት ለመነቻት። የመጣው በጣት ሲጫኑት የሚሰረጉድ፣ ሌላ ፋብሪካ የሠራው ስስ ዕቃ ነበር።

ዕቃውን ይዛ ሳሪስ ወረደች። ሸኪብ አልደነገጠም። በቅርጽ አንድ ነው፣ ገዢም አላማረረም፣ ንግድ ነው አላት።

«ፎቶው ላይ ያለው የኡመይር ሥራ ነው» አለችው።

«የቱ ጋ ተጽፏል?» አለ ሸኪብ።

ለገበያው አቤት አለች። ፊደሏ ያለችበትን ያልተነካካ ፎቶና የመጣላቸውን ዕቃ ፎቶ አያይዛ ላከች። መልሱ በትሕትና የተጻፈ ነበር፦ የወጣው ምስል ላይ ምልክት የለም፤ ለደንበኛ የደረሰው ዕቃ ላይም ምልክት የለም፤ ስለዚህ ዕቃው ከምስሉ ጋር ይመሳሰላል። ፎቶውን ለአካውንቱ ባለቤት የሰጠችው ራሷ መሆኗንም ጠቅሰዋል።

ለኡመይር አነበበችለት። እጁን በጨርቅ እየጠረገ እስከ መጨረሻው ሰማት።

«ሸኪብ ነጋዴ ነው፤ ከእሱ ይጠበቃል» አለ። «አንቺ ግን ፊደሏ ስትመታ ድምጿን እየሰማሽ ነው የኖርሽው።»

ይቅርታ ልትለው አፏን ከፈተች። ጭረት ይመስል ነበር ማለት ብቻ መጣላት።

ስሱ ዕቃ ደንበኞቹን ሲወስድበት፣ ኡመይር ቶርኖውን ሸጦ የመስኮት ፍርግርግ የሚበየድበት ቤት ተቀጠረ። ማታ ይመጣል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ሸኪብ ግን ዘመድነቱን አልረሳም፤ ክረምቱ ሲገባ የፔርሙስ ፎቶ እንድታነሳለት ደወለ። ሰዓደት እንቢ ልትል ባሏን ቀና ብላ አየችው።

«ሥራ ነው፣ ተቀበዪ» አለ ኡመይር።

በማግስቱ የሸኪብን ፔርሙሶች የጫነ ባጃጅ በር ላይ ሲቆም፣ ካርቶኑን ተሸክሞ ያስገባው እሱ ራሱ ነው።