ገና ያልወጣው አባቴ

እሁድ ዕለት የሆስፒታሉ ሂሳብ ክፍል ዝግ ስለነበር ዶክተሩ በስኳር በሽታ ተኝቶ የነበረውን አባቴን «ቤትህ ግባ፣ ወረቀቱ ይደርሳል» ብሎ አሰናበተው። ኢንሹራንሱ ግን ዝርዝር ሂሳብና የመውጫ ማጠቃለያ ካላመጣችሁ አልከፍልም አለ። ሐሙስ ሁለቱን ወረቀት የሚጠይቅ ደብዳቤ ጽፌ፣ አባቴን አስከትዬ ሂሳብ ክፍል ሄድኩ።

ሠራተኛዋ ደብዳቤዬን አንብባ ኮምፒውተሯን አየች።

«ማጠቃለያ የለውም፤ በሽተኛው ገና አልወጣም።»

«እህቴ፣ ይኸው አጠገቤ ቆሟል።»

ዝርዝሩን አትማ ሰጠችኝ። አልጋ፣ ምግብ፣ ኢንሱሊን፣ እስከዚያው ሐሙስ ጠዋት። ደሜ ፈላ።

«ባዶ አልጋ ነው የምትቀልቡት?»

«እኔ የተኛበት ክፍል የላከልኝን ነው የማስገባው።»

አባቴን እየጎተትኩ ወደተኛበት ክፍል ወጣሁ። አልጋው ባዶ አልነበረም። አንድ የማናውቀው ሽማግሌ በላብ ተጠምቆ፣ እየተንቀጠቀጠ ተኝቷል። ራስጌው ላይ የተንጠለጠለው ካርድ የአባቴ ነው፤ ያነሳው የለም። ነርሷ የኢንሱሊን መርፌ ይዛ የአባቴን ስም ጠራች። ሽማግሌው ሊመልስላት ቢሞክርም አንደበቱ ተሳሰረ።

መርፌ ሲያይ የሚደበቀው አባቴ ግን እጅጌውን ሰብስቦ መሃላቸው ገባ።

«ልጄ፣ ስኳሩ የኔ ነው» አላት። «እሱን ተይው።»