ኮት በሙቀት አገር

ጋምቤላ ክልል በተባለች በሁለተኛው ዓመት፣ በከተማው የሚተጫጭ ሁሉ በእኔ እጅ ያልፍ ነበር። ጋሽ ነጂብ ፎቶ ቤት መስኮት ላይ በሚሰቀለው የእጮኛሞች ፎቶ ግርጌ ጽሑፉን የምጽፈው እኔ ደመቀች ነኝ። ማንም አላስተማረኝም። ፊደልን ከእርዳታ ጆንያና ከአሮጌ ጋዜጣ ላይ ለቅሜ ነው ያወቅሁት፤ ገልብጦ መጻፉንም እንዲሁ።

ከሐኪም ቤት የተጣለ የራጅ ፊልም በረኪና ውስጥ ይነከራል። ጥቁሩ ታጥቦ ሲሄድ ጥርት ያለ ላስቲክ ይቀራል። በእሱ ላይ በጥቁር ቀለም፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ፊደሉን ፊቱን አዙሬ እጽፋለሁ። ጽሑፉን በፎቶ ወረቀቱ ግርጌ ላይ ደፍቼ ብርሃን ሳበራ ሌላው ይጠቁራል፣ ቀለሙ የጋረደው ነጭ ሆኖ ይወጣል። ከሦስት መስመር በላይ አይሆንም፤ መንገደኛ ቆሞ የሚያነብበት ጊዜ ያን ያህል ነው።

ፊልሙን የሚያመጣልን ኮት የሚባል ሰው ነበር፤ የሐኪም ቤቱ ድሬሰር፣ ቁስል አሻጊ፣ የአገሬው ተወላጅ፣ የኢታንግ ልጅ። አራት ዓመት ተዋደናል፣ አራት ዓመት ማንም አላወቀም። "ይሄ ማነው?" ሲሉኝ "ፊልም አምጪው" እላለሁ። አባቴ ከወሎ መጥቶ አቦቦ የሰፈረ ገበሬ ነው፤ ልጁን ለወሎ ሰው እንጂ ለሌላ አይሰጥም። እውነቱን ካወራን ግን አባቴ ሰበብ ነበር። በሰው መሳቅ እንጂ ሲሳቅብኝ አልወድም።

በመጨረሻ ኮት "ወይ እንናገር ወይ እንተወው" አለኝ። እንናገር ብዬ ፎቶ ተነሣን፤ ጋሽ ነጂብ ከካሜራው ጨርቅ ሥር አንገቱን ቀብሮ "ወይ ጉድ፣ እኔ እኮ ፊልሙን የሚያመጣው ለእኔ ብሎ መስሎኝ!" እያለ ሳቀ። ጽሑፉን በሦስት ቀን ጨረስኩት።

"በዚህ ሙቀት ኮት አለኝ ብል ማን ያምናል?
አራት ዓመት ሳጥን ውስጥ ደብቄው ኖርኩ። ዛሬ አወጣሁት።
ተጫጭተናል፦ ደመቀችና ኮት"

እንደዚህ ያለ ጽሑፍ ሲደበቅ የኖረውን ነገር ራሱ ቀድሞ መናዘዝ አለበት፤ ያኔ ሰው ከመቆጣት ይልቅ ይስቃል። ኮራሁበት። ኮት ግን በጣቱ እየተከተለ አንብቦ ፊቱን ቋጠረ።

"አልገባህም እንዴ? ኮት እኮ የሚለበሰው…"

"ገብቶኛል። አማርኛ እችላለሁ።"

"ታዲያ ምነው ተኮሳተርክ?"

"ሳጥን ውስጥ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ የምትስቂው አንቺ ነሽ።" ፎቶውን ገበታው ላይ አስቀመጠው። "ደግሞ ከታች 'ተጫጭተናል' ይላል። ሁለት ሰው የተናገረው ነው ይላል። እኔ የት ተናገርኩ?"

ፎቶውን አንስቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

በማግስቱ ፑኝዶ የስደተኞች መጠለያ ለሥራ ሄደ። ልሰናበተው አልወጣሁም፤ ኩራት ነው። እሱም ብቅ አላለም። ጋሽ ነጂብ ለእኛ ብሎ ባዶ የተወውን የመስኮቱን ቦታ እያየሁ ቀናት አለፉ። የሚያጽናናኝ ሰው አልነበረም፤ ማን ያጽናናኛል? የማያውቁትን ነገር።

ላስቲኩን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩ። ቀልዱ የተዋደዱትን ሁለቱንም እኩል ካልነካ ከአንድ ሰው አፍ የወጣ ነው። እንደገና ጻፍኩ፦

"ኮት፦ አራት ዓመት 'ፊልም አምጪው' ነበርኩ። ደመቀች፦ ውሸታም ነበርኩ።
ተጫጭተናል። ያላወቃችሁ እንኳን ደስ ያላችሁ፤
ያወቃችሁ እንኳን ዝም አላችሁ።"

አትሜ በሐኪም ቤቱ መኪና ሾፌር እጅ ፑኝዶ ላክሁ። እሱ ሳይፈቅድ መስኮት ላይ አይወጣም፤ ካልፈቀደም እጮኛ የለኝም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሾፌሩ ብጣሽ ወረቀት ሰጠኝ፦ "'ውሸታም' የሚለውን እንዳትለውጪው። ለእናቴ አንድ አትሚ። ወር ሳልሞላ አልመጣም።"

የዚያኑ ቀን ሰቀልኩት። ሰው ተሰበሰበ። "እንዲህ ነው እንዴ!" የሚል አለ፣ "እኔ ጠርጥሬ ነበር" የሚል አለ፤ ጥርሱን ሳይከድን ሄደ። እኔ ከመስታወቱ ውስጥ ሆኜ ሳቃቸውን አያለሁ። ገብቶ እንኳን ደስ ያለሽ ያለኝ የለም። ማን ይግባ? አራት ዓመት ወዳጅ ሁሉ እንዳይጠጋኝ አድርጌ ኖሬ።

ለኮት እናት አንድ አተምኩ። ቀጥሎ አንድ ሌላ አተምኩ፣ አደረቅኩ፣ ለአቦቦ ገበያተኛ ሰጠሁት፤ "ለአባቴ ስጥልኝ" አልኩት።

"ምን ልበላቸው?" አለኝ።

"ምንም። ተጽፏል።"

ገበያተኛውን የጫነው መኪና የባሮን ድልድይ ተሻግሮ ከሄደ በኋላ ነው የታወሰኝ። አባቴ ማንበብ አያውቅም። ቤታችን የሚመጣ ወረቀት ሁሉ የማነብለት እኔ ነበርኩ።