የኤደን ሦስት ሦስት ፊደል

ይቺን ልጅ ምን አግኝቷት ይሆን? ዝናሽ ከማለዳ ጀምራ ስልኳን ወደ መስኮቱ እያስጠጋች ብታይም መልስ አላገኘችም። ባሕር ዳር የምትማረው የልጅ ልጇ ኤደን ትናንት ማታ በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ngl ከሁሉም የእማማ ዝናሽ ቤት ነው የሚናፍቀኝ» ብላ ጽፋለች። ዝናሽ እንዲህ ያሉ ሦስት ፊደሎች የምታውቀው ከላቦራቶሪ ወረቀት ላይ ነው። ቤት ቤት የሚለው ደግሞ የታመመ ሰው ነው። ብትደውል ስልኩ ዝግ።

ይባስ ብሎ ከሥር ሸጌ «smh» ብላ መልሳለች። ሸጌ የኤደን የአባቷ እናት ናት። ታዲያ ያሳደግኳትን እኔን ደብቃ ለሷ ነገረቻት? ኤደንን እንዲምርላት ለገብርኤል ጃንጥላ ተሳለች፤ ስለቷንም እዚያው ግሩፑ ላይ ጻፈች።

ረፋድ ላይ ሸጌ ከገበያ ስትመለስ ጎራ አለች። ገና ሳትቀመጥ ሳቋ ቀደማት።

«አንቺ፣ የምን ጃንጥላ ነው?»

«ሳቂ! የልጄን በሽታ ደብቃችሁ ሳቁብኝ።»

«በሽታ? ወይ ጉድ!» ሸጌ ከዘንቢሏ አንድ ደብተር አወጣች። የኤደን የእጅ ጽሑፍ ነው። «በነሐሴ ለሻደይ በዓል ስትመጣ የጻፈችልኝ ነው። ፈረንጆቹ የየቃሉን መጀመሪያ ፊደል ብቻ እየወሰዱ ያሳጥሩታል አለችኝ።»

ዝናሽ ደብተሩን እንደ ጣውንት አየችው። «ለኔ አልጻፈችልኝም።»

«ልትጽፍልሽ መጥታ ‹ዓይኔን አታድክሚብኝ› ብለሽ መለስሻት አሉ።»

እውነት ነው፤ ብላታለች። ቢሆንም አቃጠላት።

«ይኸውልሽ» አለች ሸጌ እንደ መሪጌታ በጣቷ እየጠቆመች። «ngl፣ ‹ኖት ጎና ላይ›፤ አልዋሽም፣ እውነቱን ልናገር ማለት ነው። ሰው በሆዱ ያለውን ሲያወጣ ከፊት ያስቀድመዋል።»

ዝናሽ መልእክቱን እንደገና አነበበች። *አልዋሽም፣ ከሁሉም የእማማ ዝናሽ ቤት ነው የሚናፍቀኝ።* ትንፋሿ መለስ አለ። ልጅቱ ደኅና ናት። ደኅና ሆና ነው የናፈቀቻት!

«smhስ?»

«‹ሼኪንግ ማይ ሄድ›። ራሴን ነቀነቅኩ ነው። የሰው ሥራ ሲያሳዝንሽ፣ ‹ወይ አንቺ!› ስትዪ...» ሸጌ ድምፅዋ እየቀነሰ ሄደ።

ዝናሽ ስልኩን አዞረችላት። «እና ትናንት ማታ፣ ኤደን የኔ ቤት እንደናፈቃት ስትጽፍ፣ አንቺ ራስሽን የነቀነቅሽው ምኗ አሳዝኖሽ ነው?»

ሸጌ ስልኩን አየች። ደብተሩን አየች። የሻደይን ሰሞን ሁሉ ኤደን አጠገቧ ተቀምጣ ነበር የጻፈችላት፤ ወደ ዝናሽ ቤት ጎራ ያለችው ሁለት ቀን ብቻ ነው።

«የኔ ቤትስ?» የምትል መሰለች፤ ግን አላለችም። ነጠላዋን ሳብ አደረገች፣ ዘንቢሏን አነሣች። ደብተሩን መደቡ ላይ እንዳለ ትታ ወጣች።