የትርፍ ሰዓት ወንፈል

የሺመቤት መልእክቱን ያነበበችው በዘይት ፋብሪካው በር ላይ ቆማ ነው። ጥበቃው «እንደምን አደርሽ» ቢላት አልሰማችውም። አንብባ ሳትጨርስ ደሟ ፈልቶ ነበርና፣ ስልኳን እንደ ጥፋተኛ ልጅ ጆሮ ጨምቃ ይዛ ወደ ማሸጊያው ክፍል ገሰገሰች።

መልእክቱን የላኩት የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ አቶ አበራ ናቸው፤ የላኩትም ለፈረቃ ኃላፊዎች በተከፈተው የቴሌግራም ገጽ ነው። እንዲህ ይላል፦

«ለሁሉም የፈረቃ ኃላፊዎች። የትርፍ ሰዓት ሥራ ለአስቸኳይ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የዘወትር ልማድ ሆኗል። ሕጉ በቀን ከአራት፣ በሳምንት ከአሥራ ሁለት ሰዓት በላይ አይፈቅድም። በማሸጊያ ክፍል ግን አንዲት ሠራተኛ በአንድ ሳምንት ሠላሳ አንድ ሰዓት ትርፍ ሠራች ተብሎ ተመዝግቧል። እውነት ከሆነ ሰው እየገደልን ነው። ውሸት ከሆነ ደግሞ ማን በየትኛው ማሽን ላይ እንደ ነበረ አናውቅም ማለት ነው። ስለዚህ ከሰኞ ጀምሮ ማንም ከሕጉ ጣሪያ አያልፍም። የፈረቃ ኃላፊው ከሥራው በፊት የእያንዳንዱን ሠራተኛ ስምና ምክንያቱን ጽፎ ይጠይቃል፤ የምርት ክፍል ያየዋል፤ እኔ አጸድቃለሁ። ድንገተኛ ብልሽት ከመጣ በስልክ እፈቅዳለሁ፤ ወረቀቱ በማግስቱ ይሟላል። ሳያስፈቅድ ያሠራ ኃላፊ ይጠየቃል። ሠራተኛው ግን ለሠራበት ይከፈለዋል።»

«ሰው እየገደልን ነው ይላሉ!» አለች የሺመቤት ጄሪካን በሚደረድሩት ሴቶች መካከል ቆማ። «ለእኛ አዝነው ሞተዋል! ለስድስት ዓመት ያላዩትን ሕግ ዛሬ በህልማቸው ነው ያዩት?»

ሴቶቹ ከበቧት። ሁሉም መልእክቱ የሚመታው ማንን እንደሆነ አውቀዋል። ባለ ሠላሳ አንድ ሰዓቷ ሰዓዲያ ናት። ሰዓዲያ ደግሞ ሠላሳ አንድ ሰዓት አልሠራችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአሻራ ማሽኑ የሚቆጥረው መደበኛውን ፈረቃ ብቻ ነው፤ ትርፍ ሰዓት የሚመዘገበው የፈረቃ ኃላፊዋ የሺመቤት በምትፈርምበት ቅጽ ላይ ነው። እሷ የገበሬ ልጅ ናትና ከአባቷ ማሳ አንድ ልማድ ይዛ መጣች፦ ወንፈል። ዛሬ ለአንዱ ይታረሳል፤ ነገ ለሌላው። በማሸጊያው ክፍልም አንዷ ሲቸግራት ሁሉም ትርፍ ሰዓታቸውን በእሷ ስም ያስመዘግባሉ። የወሩ ተራ ሲያልፍ ወደ ሌላዋ ይሄዳል። ገንዘብ አዋጥቶ መስጠትም ይቻል ነበር፣ ግን የተሰጠ ገንዘብ አንገት ያስደፋል። በስም የመጣ ደመወዝ ግን ደመወዝ ነው። የእናትዓለም ልጅ በዚህ ተመርቋል፤ የፅጌ ማርያም ባል በዚህ ታክሟል።

አሁን ተራው የሰዓዲያ ነው። ዘንዘልማ ላይ ሁለት ክፍል ቤት ግድግዳውን አቁማ፣ መርጋ፣ ቆርቆሮውን ገዝታ ከግድግዳው ሥር ደርድራዋለች። የቀራት ሚስማሩ፣ ማገሩና የአናጢው ዋጋ ነው። አከራይዋ በሰኔ ውጪልኝ ብለዋታል። ግንቦት ተጋምሷል፤ ጣና ላይ ደመናው ከወዲሁ መሰብሰብ ጀምሯል። ክረምቱ ሳይገባ ጣሪያው ካልወጣ ጭቃው ግድግዳ ይናዳል። ሁለት ልጆቿንና እናቷን ይዛ የት ትገባለች?

«አሁን ምን ይሻላል?» አለች እናትዓለም።

«እኔ አውቃለሁ የሚሻለውን! ሰዓዲያን ይዣት ቢሯቸው እገባለሁ። እሳቸው ፊት ቆማ ችግሯን ትናገር። ድንጋይ ካልሆኑ ይሰማሉ።»

ሴቶቹ አጨበጨቡ። አንዲት ሴት ግን በመካከላቸው አልነበረችም። ቦታዋም ባዶ ነበር። የሉባባ ቦታ ነው። የሺመቤት ዐይኗ እዚያ ላይ ሲያርፍ ፊቷን አዞረች።

ሰዓዲያ የከሰዓት ተረኛ ስለሆነች የሺመቤት ባጃጅ ይዛ ዘንዘልማ ድረስ ሄደች። መንገዱን ሁሉ ለአቶ አበራ የምትላቸውን ስትሰድር፣ ባለ ባጃጁ ለእሱ የምትናገር መስሎት ሁለት ጊዜ ዞሮ አየ። «አንተን አይደለም፣ ንዳ!» አለችው።

ሰዓዲያ ከተመረገው ግድግዳ ሥር ተቀምጣ ልብስ ታጥባለች። ሌላው ሁሉ እንዳለ ነው፤ ግድግዳው ቆሟል፣ በሩም ገጥሟል። ቆርቆሮው ግን የለም።

«አንቺ! ተሰረቅሽ እንዴ?»

ሰዓዲያ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ኧረ አልተሰረቅሁም፣ እትዬ የሺ። ሸጥሁት።»

«ምን አልሽ?»

«ሸጥሁት። ለሉባባ እጅ ነው።»

ሉባባ ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ቅዳሜ፣ በትርፍ ሰዓት ላይ ሳለች የማሸጊያው ብረት እጇን ከመዳፏ እስከ አንጓዋ አቃጥሏታል። በቅጹ ላይ ግን ሉባባ ያን ቀን አልነበረችም። የነበረችው ሰዓዲያ ናት። «ቤቴ ዘይት ፈሶብኝ ነው በይ» ብላ ያስጠናቻት ማን ነው? ራሷ የሺመቤት ናት። «ትንሽ ነው፣ ይድናል» ብላም ቅባት ገዝታ ሰጥታታለች። ያን ቅባት በመስጠቷ እስከ ዛሬ ድረስ ራሷን እንደ ደግ ሰው ስታይ ኖራለች።

«አልዳነም?» አለች ድምጿ ዝቅ ብሎ።

«መገለ። የመንግሥት ሆስፒታል ብትሄድ ሥራ ላይ ከሆነ ከፋብሪካው ደብዳቤ አምጪ ይላሉ ብላ ፈራች። የግል ክሊኒክ ወሰድኋት። ቆዳ ከጭኗ ቆርጠው ነው የለጠፉላት። ጣቶቿ ግን ገና አይታጠፉም።»

«ታዲያ አንቺ ምን አገባሽ? ጣሪያሽን ሸጠሽ! ክረምቱን የት ልትገቢ ነው? እብድ ነሽ?» የሺመቤት ጮኸች። የጎረቤት ሴት በአጥር አንገቷን ብቅ አድርጋ መልሳ ገባች።

ሰዓዲያ አልጮኸችም። እንደ ወትሮው ዝግ ብላ ነው የተናገረችው፤ ቁጣዋ ግን ከዐይኗ ይነበባል።

«እርስዎ አይደሉ የነገሩን? ወንፈሉን ስንጀምር ምን አሉን? የአባትዎ ማሳ ላይ ሰው እግሩን ማጭድ ቆርጦት፣ አባትዎ ጊደር ሸጠው አሳከሙት አላሉንም? በወንፈል ላይ የተጎዳን ሰው ባለማሳው ያስታምማል፤ ካላስታመመ ሁለተኛ ማሳው ላይ ሰው አይወጣለትም አላሉንም? እኔ የነጋዴ ልጅ ነኝ፤ ወንፈል የት አውቄ። ከእርስዎ ነው የተማርሁ። ያን ቅዳሜ ማሳው የኔ ነበር።»

ያን ታሪክ የተናገረችው በእርግጥ የሺመቤት ራሷ ናት፤ ያውም ደረቷን ነፍታ። ጊደሯንም ታስታውሳታለች። አባቷ ሲሸጧት አልቅሳለች።

ዞራ ወጣች። ደህና ዋይ እንኳ አላለችም። በመንገድ ላይ ቁጣዋ ተመልሶ መጣ፤ አሁን ግን በማን ላይ እንደምታወርደው ጠፋት። በሰዓዲያ ላይ? በአቶ አበራ ላይ? ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ይባል የለ፤ ከጠዋት ጀምሮ ስትጮኽ የዋለችው ጅራፍ እሷው ናት። ደግሞስ ማሳው በምን ሒሳብ የሰዓዲያ ሆነ? ዘይቱ የሰዓዲያ ነው? ማሽኑ የሰዓዲያ ነው? በሥራ ላይ ለተቃጠለች እጅ ማሳከም የፋብሪካው ዕዳ እንደሆነ፣ ተኝታ በምትድንበት ጊዜም ደመወዟ እንደማይቋረጥ የፈረቃ ኃላፊ ሁሉ ያውቃል። የሺመቤትም ታውቃለች። እያወቀች፣ ቅጿ እንዳይነካ ብላ፣ የባለጸጋውን ዕዳ ለድኻዋ አሸከመች። በባጃጁ ውስጥ ጭኗን በቡጢ መታች።

አቶ አበራ ቢሮ ስትገባ እሳቸው ለጠብ ተዘጋጅተው ጠበቋት። ማሸጊያ ክፍል ማጨብጨቡ ጆሯቸው ደርሷል።

«እንግዲህ የሺመቤት፣ ስለ ሰዓቱ ጣሪያ ከሆነ የመጣሽው አልለውጥም። አንዲትን ሴት ሠላሳ አንድ ሰዓት በትኩስ ብረት ላይ አቁመሽ ደግሞ ልትሟገቺኝ?»

«አላቆምኋትም።»

«እንዴት?»

«ከሠላሳ አንዱ የእሷ ዘጠኙ ብቻ ነው። ሌላውን ሌሎቹ ሠርተውት በስሟ ጻፍሁ። ስድስት ዓመት እንዲህ ስጽፍ ኖርሁ። አንዲት ሳንቲም ለራሴ አልወሰድሁም፤ እሱ ግን ጥፋቴን አያወርደውም።»

አቶ አበራ ከወንበራቸው ተነሡ። ፊታቸው ደም መሰለ። «ታውቂያለሽ ምን እያልሽኝ እንደሆነ? ሐሰተኛ ሰነድ ነው! በዚህ ሰው ከሥራ ይባረራል! ትናንት ማታ እኮ ስለዚያች ሴት ስጨነቅ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስታሞኙኝ ኖራችኋል! እሳት ቢነሣ ማንን ብዬ ልፈልግ ነበር? ከእሳት ውስጥ ሰዓዲያ ስል ልጣራ፣ ሰዓዲያ ቤቷ ተኝታ?»

«እሳቱማ ተነሥቷል፣ አቶ አበራ።»

ነገረቻቸው። ቅዳሜውን፣ ብረቱን፣ ያስጠናቻትን ውሸት፣ ክሊኒኩን፣ ቆርቆሮውን። ስለ አባቷ ጊደርም ሳታስበው ነገረቻቸው። አቶ አበራ ቆመው ሰሙ። ስትጨርስ ቁጣቸው አልበረደም፤ እንዲያውም ብሶ ጠረጴዛውን መቱ።

«አሁኑኑ ቃልሽን በጽሑፍ ትሰጫለሽ! ከፈረቃ ኃላፊነት ታግደሻል! ወረቀት አምጡልኝ!»

«ይጻፉ። ብባረርም ይገባኛል» አለች የሺመቤት። እሷም እየጮኸች ነበር፤ እንባዋም እየወረደ ነበር። «የኔን ግን በኋላ ይጻፉ! መጀመሪያ የሉባባን እጅ ይጻፉ! ማሳው የእናንተ ነው፤ አስታምሙ!»

አቶ አበራ ተቀመጡና መሳቢያቸውን ከፍተው የሥራ ላይ ጉዳት ማስታወቂያ ቅጽ አወጡ። ብዕራቸውን ከፈቱ። ዐይናቸው አሁንም አልታረቃትም።

«ስንተኛው ማሽን ላይ ነበረች?»

«ሁለተኛው።»

«ያየ ሰው?»

«እኔ።»

ጻፉ። የክሊኒኩን ደረሰኝ ሁሉ ነገ ጠዋት እንድታመጣ፣ ሉባባም ከዛሬ ጀምሮ በፋብሪካው ወጪ ሐኪም እንዲያያት አዘዙ። ከዚያ ሌላ ወረቀት አውጥተው የእግዱን ደብዳቤ ጀመሩ። የሺመቤት ተቀብላ ፈረመች።

ስትወጣ ሴቶቹ በር ላይ ጠበቋት። «ጣሪያውን አነሡልን?» አሉ በአንድ ድምፅ።

«አላነሡም። ማንሣትም የለባቸውም» አለቻቸው። ሲጮኹባት ቆማ ሰማች፤ የሚገባት ነበር። ከዚያ ወደ ጥግ ሄዳ ለሰዓዲያ ደወለች። ከሐይቁ በኩል የመጀመሪያው ነፋስ ዝናብ ዝናብ እየሸተተ ይመጣል።

«ሰዓዲያ፣ የክሊኒኩን ደረሰኝ አልጣልሽውም አይደል?»

«አልጣልሁትም። ምነው?»

«ፋብሪካው ይከፍላል። ወጪሽ ይመለሳል። አሁን ቆርቆሮውን የገዛሽን ሰውዬ ስልክ ላኪልኝ፤ ሳይቆርጠው እንዲመልስልን ልለምነው።»