ከሰንጠረዡ የወጡት ሁለት መስመሮች

ሙኒራ ይማም ደብረ ታቦር በሚገኘው የገበሬዎች ዩኒየን የኮምፒዩተር ክፍል ኃላፊ ነበረች። ኃላፊ ትባል እንጂ ከሥሯ ማንም አልነበረም። የዩኒየኑ ኢሜይል የሚያልፍበት ሰርቨር ከእርሷ ቢሮ ጀርባ፣ ቀድሞ የማዳበሪያ ከረጢት ይከማችበት በነበረ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። ሥራ አስኪያጁ አቶ ፈንታሁን እንግዳ በመጣ ቁጥር በሩን እያስከፈተ «ይኼ የራሳችን ነው፤ ማንንም አንለምንም» ይላል። እንግዳው ራሱን ይነቀንቃል። ሙኒራ ግን መብራት በጠፋ ቁጥር አልጋዋ ላይ ሆና እንኳ ልቧ የሚሄደው ወደዚያ ክፍል ነበር።

በዚያ ዓመት ሚያዝያ ላይ አቶ ፈንታሁን ጠራት።

«የኢሜይሉን ነገር አጥንተሽ አምጪ። በራሳችን እንቀጥል ወይስ ከውጭ እንከራይ? ወጪውን አስቀምጪልኝ። ወረቀት አታብዢ፤ በኢሜይል ላኪልኝ።»

ደስ አላት። እስከዚያ ቀን ሐሳቧን የጠየቃት አልነበረም። የቴሌን ዋጋ ጠየቀች፤ ባሕር ዳር ድረስ ሄዳ የኪራይ አገልግሎቱን በብር የሚሸጠውን ወኪል አነጋገረች፤ የጄኔሬተሩን ነዳጅ ከዘበኛው ጋር ሆና አሰላች።

ማስታወሻው ሦስት ገጽ ሆነ። ለአርባ አምስት ሠራተኛ ኪራዩ በሦስት ዓመት ሁለት መቶ ዘጠና አንድ ሺህ ስድስት መቶ ብር ይፈጃል። በራስ ማስተዳደሩ ደግሞ ሰርቨሩ ቀድሞ የተገዛ ስለሆነ ርካሽ ይመስላል፤ ለቋሚ የኢንተርኔት አድራሻ፣ ለነዳጅ፣ ለጥገናና ቆሻሻ መልእክት ለሚያጣራው ፕሮግራም መቶ ሰማንያ ሰባት ሺህ ብር ነው። እርሷ ግን በዚያ አላበቃችም። መብራት ሲዋዥቅ ሰርቨሩን የሚጠብቅ ዩፒኤስ ከነባትሪው ስድሳ ስምንት ሺህ፣ የኢሜይሉን ቅጂ በየቀኑ ተቀብሎ ሐሙሲት ባለው መጋዘን የሚያስቀምጥ ሌላ ኮምፒዩተር ሰማንያ አምስት ሺህ ጨመረችበት። ድምሩ ሦስት መቶ አርባ ሺህ ሆነ። ከኪራዩ በለጠ።

የኪራዩንም ጉድለት አልደበቀችም። ኔት ሲቋረጥ ቢሮ ለቢሮ እንኳ መጻጻፍ አይቻልም፤ የዶላር ዋጋ ሲጨምር ኪራዩም ይጨምራል ብላ ጻፈች። መደምደሚያው ግን ግልጽ ነበር፦ «ኪራዩ ይሻላል። በራሳችን እንቀጥል ከተባለ ዩፒኤሱና ቅጂው የግድ ናቸው። ያለ እነርሱ መቀጠል አልመክርም።»

አቶ ፈንታሁን አንብቦ አስጠራት።

«እነዚህን ሁለት መስመሮች አውጫቸው» አላት። «ለሚመጣው ዓመት እንይዛቸዋለን።»

«እነርሱ ከወጡማ ሰንጠረዡ ይዋሻል ጌታዬ።»

«ቦርዱ ወጪ ቀንሱ ብሏል። እኔም ቃል ገብቻለሁ።»

«እርስዎ ያውጧቸው እንግዲህ። እኔ አላወጣም።»

ወደ ኮምፒዩተሩ ዞረ። ከዚያ «እሺ፣ ሂጂ» አላት፤ ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

ሰኔ ላይ የቦርዱ ውሳኔ ደረሳት። «በኮምፒዩተር ክፍል ኃላፊዋ በቀረበው ጥናት መሠረት በራስ ሰርቨር መቀጠሉ አዋጭ ሆኖ ስለተገኘ» ይላል። የተያያዘው ሰንጠረዥ መቶ ሰማንያ ሰባት ሺህ ላይ ያበቃል። ከሥሩ የእርሷ ስም አለ። መደምደሚያዋ የለም።

እየሮጠች ወደ ሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ወደ ጌጤ ሄደች። ጌጤ የቢሮው ሁሉ እትዬ ናት፤ የሦስት ልጆች እናት፣ ባሏ የሞተባት።

«እትዬ ጌጤ፣ ይኼን ማን አወጣው?»

«እርሱ አጠገቤ ቆሞ አስጠፋኝ» አለች ጌጤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ምን ላድርግ ልጄ? ጻፊ ሲሉኝ እጽፋለሁ፣ አጥፊ ሲሉኝ አጠፋለሁ።»

ሙኒራ ለአቶ ፈንታሁን ተቃውሞዋን በኢሜይል ጻፈች። መልስ አልመጣም። በእጇ ቅጂ ልትይዝ ዲስክ እንዲገዛላት ጠየቀች፤ ከበጀት ውጭ ነው ተባለች።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ የክረምቱ መብረቅ ከተማውን አናወጠው። መብራቱ ጠፋ፣ ኃይሉን ጨምሮ ተመለሰ፣ ደግሞ ጠፋ። ሙኒራ ጠዋት በሩን ስትከፍት የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ተቀበላት። ሰርቨሩ አንዱ የሌላውን ቅጂ የሚይዝ ሁለት ዲስክ ነበረው፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል። ሁለቱ ግን በአንድ ሳጥን ውስጥ፣ በአንድ ኃይል ነበሩና አብረው ነደዱ። ባሕር ዳር ወሰደቻቸው። ባለሙያው ገላልጦ አይቶ «እግዜር ያጽናሽ፣ የተረፈ የለም» አላት።

አዲስ ሰርቨር እስኪገዛ ከሦስት ሳምንት በላይ ፈጀ። ለጠፋ አድራሻ ኢሜይል ሲላክ የላኪው ሰርቨር ለጥቂት ቀናት ደጋግሞ ይሞክራል፤ ከዚያ ተስፋ ቆርጦ ለላኪው ይመልሰዋል። የብቅል ገብስ የሚገዛው ፋብሪካ የውሉን ረቂቅ የላከው በዚያ መሀል ነበር። ተመለሰበት። የግዥ ሠራተኛው ለቦታው አዲስ ነውና ስልክ ደውሎ አልጠየቀም፤ ውሉን ለሌላ ዩኒየን ሰጠ። እዚህ ሲሰማ ጊዜው አልፏል። ከጉና ተራራ ግርጌ ያለው ገበሬ ለፋብሪካ ብሎ የዘራውን ገብስ ኅዳር ላይ አጭዶ፣ በነጋዴ ዋጋ ገበያ አወጣው።

የቦርዱ ሰብሳቢ ጋሽ ጥላዬ ራሳቸው ገብስ አምራች ናቸው። አጣሪ ኮሚቴ አቋቋሙ። አቶ ፈንታሁን ሰንጠረዡን ለኮሚቴው አቀረበ።

«ይኼ የጻፍኩት አይደለም» አለች ሙኒራ። ከኮምፒዩተሯ ሙሉውን ማስታወሻ አትማ ዘረጋችላቸው። «ሁለት መስመር ወጥቶበታል። የላክሁት በኢሜይል ነው።»

«ኢሜይሉ የታለ?» አሉ ጋሽ ጥላዬ።

«ተቃጠለ።»

«ይኼንንማ ትናንትም ልትጽፊው ትችያለሽ» አለ ከኮሚቴው አንዱ።

«እትዬ ጌጤ ታውቃለች። ትጠየቅ።»

ጌጤ ተጠርታ መጣች። ነጠላዋን እያጠባበቀች በሩ አጠገብ ቆመች። አቶ ፈንታሁን መስኮቱን ይመለከታል።

«ብዙ ወረቀት ነው የምጽፈው» አለች። «ይኼኛውን አላስታውስም።»

ሙኒራ አተኩራ አየቻት። ጌጤ ቀና አላለችም።

ከስብሰባው በኋላ ጋሽ ጥላዬ ግቢው ውስጥ አስቆሟት። «ልጄ፣ ያልሽው እውነት ሳይሆን አይቀርም» አሏት። «ዳሩ ግን እኔ ለገበሬው ምን ብዬ ልንገረው? ወረቀቱ ላይ ያለው ያንቺ ስም ነው።»

«አንቱም ካመኑኝ ለምን አይናገሩም?»

«ማመንና ማስረዳት ለየቅል ናቸው» ብለው በቅሏቸው ወደታሰረችበት አዘገሙ።

የሁለት ወር ደመወዝ ተቀጣች፤ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ማኅደሯ ውስጥ ገባ። ጥር ላይ አቶ ፈንታሁን ለቦርዱ አዲስ ሐሳብ አቀረበ፤ ኢሜይሉ ከውጭ ይከራይ አለ። ቦርዱ አርቆ አሳቢነቱን አመስግኖ አጸደቀለት፤ የሥራ ዘመኑንም አደሰለት። የኪራዩ ምክንያት ሆነው የተዘረዘሩት ዓረፍተ ነገሮች ቃል በቃል የሙኒራ ነበሩ።

ሥራውንም እርሷ ሠራችው። ሌላ የሚችል የለም። የዩኒየኑ ደብዳቤ ከእንግዲህ ወደ አዲሱ አገልግሎት እንዲሄድ አድራሻውን አዛወረች፤ ለአርባ አምስቱም ሰው የኢሜይል ሳጥን ከፈተች። እየጠራች የይለፍ ቃላቸውን ስታድል የጌጤ ተራ ደረሰ።

ጌጤ ገብታ በሩን ዘጋች። «ሙኒራ፣ ልጆቼን አስቤ ነው» አለች። ዕንባዋ ቀድሟት ነበር። «እንደው ለነፍሴ ስትዪ ይቅር በዪኝ።»

ሙኒራ ይቅር ብያለሁ ልትል ፈለገች፤ አፏ እምቢ አላት። ብትሰድባትም ይቀላት ነበር፤ እርሱንም አልቻለችም። የይለፍ ቃሉ የተጻፈባትን ቁራጭ ወረቀት ገፋ አደረገችላት።

«ሲገቡ ይቀይሩት» አለቻት። አንቺ ትላት የነበረችውን ሴት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እርስዎ ብላ። ጌጤ ወረቀቱን አንስታ ወጣች። ሙኒራም የሚቀጥለውን ሰው ስም ጠራች።